የተጠራው የአክሲዮን ዋጋ ተገቢ መሆኑን በነፃ የገንዘብ ፍሰት ስለ መመርመር

በመሐል ሜዳ ወይም በዓለም ከተማ ተቀምጦ የሚነግድ፣ ወይም በግሼ ራቤል ተወልዶ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የሚኖር ሰው፣ በትውልድ አገሩ የተቋቋመ ድርጅት «አክሲዮን ግዛ» ብሎ በጠየቀው ቁጥር የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የተጠራው ዋጋ ለሚገዛው ነገር ተገቢ ነውን የሚል ነው። አብዛኛው ሰው ለዚህ መልስ የሚፈልገው የሻጮቹን ስምና ዝምድና አይቶ፣ ወይም ባለፈው ዓመት የተከፈለውን የትርፍ ድርሻ ሰምቶ ነው፤ ሁለቱም ከንቱ ባይሆኑም የድርጅቱን ዋጋ ግን አይናገሩም። የሚናገረው ድርጅቱ ወደ ፊት የሚያስገኘው ጥሬ ገንዘብ ነውና፣ እሱን ለመገመት የሚያስፈልገው ሥራ ከዚህ በታች በስድስት ደረጃ ተከፍሎ ቀርቧል።

ከማናቸውም ስሌት በፊት ግን የተጠራውን ዋጋ በአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ቁጥር ያባዙ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከድርጅቱ 10 ከመቶውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፣ ገዢው የተጠየቀው 300 ብር ብቻ ይምሰለው እንጂ በእውነቱ የቀረበለት ጥያቄ ባለቤትነቱ በሞላው 300 ቢሊዮን ብር ያወጣል ብሎ ያምን እንደ ሆነ ነበር። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ብቻውን ውድም ርካሽም ሊባል አይችልም፤ ውድነትና ርካሽነት የሚታወቀው ሙሉው ዋጋ ድርጅቱ ከሚያስገኘው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ድርጅቱ ግብሩን ከፍሎ፣ ያረጀውን መሣሪያ ተክቶ፣ ለሥራው የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃ ከገዛ በኋላ፣ ገንዘብ ላቀረቡለት ሁሉ፣ ማለትም ለአበዳሪውም ለባለአክሲዮኑም፣ በየዓመቱ የሚተርፈው ጥሬ ገንዘብ ይገመታል፤ ይህም የድርጅቱ ነፃ የገንዘብ ፍሰት ይባላል። የተገመተው ሁሉ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ይደመራል፤ ከድምሩም የአበዳሪው ዕዳ ሲቀነስ የቀረው የባለአክሲዮኖቹ ነው። ለዚህም ሥራ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ የሦስት ዓመት ሂሳብ፣ የቋሚ ንብረት መዝገብ፣ የባንኩ የብድር ውልና አንድ የኤክሴል ሰሌዳ ያስፈልግዎታል። ሻጮቹ ሌላውን ሁሉ ሰጥተው የቋሚ ንብረቱን መዝገብ ቢከለክሉዎ ሥራውን እዚያው ላይ ያቁሙ፤ ምክንያቱ በአራተኛው ደረጃ ይገለጣል።

ነገሩ በባዶ ቃል እንዳይቀር ለትምህርት ብቻ የተሰናዳ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን። በመሐል ሜዳ የመንዝ በግ ጠጉር እየገዛ ባና፣ ምንጣፍና ብርድ ልብስ የሚሠራ አንድ የአክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። አክሲዮኖቹ 30,000 ናቸው፤ በየወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዋጋ 1,000 ብር ሲሆን ሻጮቹ ግን «ድርጅቱ አድጓል» ሲሉ 2,000 ብር ጠርተዋል። በ30,000 ሲባዛ 60 ሚሊዮን ብር ይሆናል። እንግዲህ ይህ 60 ሚሊዮን ከየት እንደ መጣ መፈለግ ነው።

1ኛ ደረጃ፦ የሥራውን ትርፍ ማጥራት

የሚጀምሩት በሂሳቡ ግርጌ ከሚገኘው የተጣራ ትርፍ ሳይሆን ከወለድና ከግብር በፊት ካለው የሥራ ትርፍ ነው፤ ምክንያቱም የምንፈልገው ለአበዳሪውም ለባለአክሲዮኑም የሚበቃውን ገንዘብ ስለ ሆነ፣ የአበዳሪውን ድርሻ ገና በመነሻው ቀንሰን ኋላ ደግሞ ዕዳውን ብንቀንስ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቀነሳችን ነው። በምሳሌአችን ሰኔ 30 በተዘጋው ዓመት የሥራው ትርፍ 12 ሚሊዮን ብር ነበር።

ይህን ቁጥር ከመቀበልዎ በፊት ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛው በየዓመቱ የማይደገም ገቢ ነው፤ አሮጌ የጭነት መኪና ተሽጦ የተገኘ ትርፍ ወይም ከግብረ ሠናይ ድርጅት የተሰጠ እርዳታ በሥራ ትርፍ ውስጥ ተቀላቅሎ ቢገኝ ይወጣል። ሁለተኛው በገጠር ድርጅቶች ዘንድ እጅግ የተለመደው ነው፤ መሥራቹ ራሱ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ደመወዝ ሳይቀበል ይሠራል፣ ሚስቱም መጋዘኑን ትጠብቃለች፣ ትርፉም በዚያው ልክ አብጦ ይታያል። ነገ በቦታቸው ሌላ ሰው ቢቀጠር የሚከፈለውን ደመወዝ ገምተው ከትርፉ ይቀንሱ። የእኛ 12 ሚሊዮን ይህ ሁሉ የተጠናቀቀለት ነው እንበል።

ከዚያ ግብሩ ይመጣል። የድርጅቶች የንግድ ትርፍ ግብር 30 ከመቶ ስለ ሆነ ከ12 ሚሊዮኑ 3.6 ሚሊዮን ተቀንሶ 8.4 ሚሊዮን ይቀራል። እዚህ ላይ ብዙ የሂሳብ ሠራተኞች የሚሰናከሉበት ነገር አለ፤ ድርጅቱ 12 ሚሊዮን ብር ዕዳ በ20 ከመቶ ወለድ ስላለበት 2.4 ሚሊዮን ወለድ ከትርፉ ላይ አስቀንሶ በእውነት የከፈለው ግብር 2.88 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ደረሰኙም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሆኖም ደረሰኙን ትተው 3.6ቱን ይያዙ። ወለድ ያስገኘው የግብር ቅናሽ በሦስተኛው ደረጃ በብድሩ ዋጋ ውስጥ ይቆጠራልና፣ እዚህም ቢቆጠር ድርጅቱ ያላገኘውን ጥቅም ደርበን መስጠታችን ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህን ዘዴ ለባንክ አይጠቀሙበት። በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው በኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ እንደ መሆኑ አንባቢ በዚሁ ሥርዐት ሊያሰላው ይቃጣው ይሆናል፤ ነገር ግን ለባንክ የሰው ገንዘብ ዕዳ ብቻ ሳይሆን የሚነግድበት ዕቃ፣ ወለዱም የሥራው ወጪ ስለ ሆነ፣ ከወለድ በፊት የሚባል ትርፍ ለእሱ ትርጉም የለውም።

2ኛ ደረጃ፦ ከትርፍ ወደ ጥሬ ገንዘብ መሻገር

ትርፍ በወረቀት ላይ የሚነበብ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ግን በባንክ ደብተር ውስጥ የሚገኝ ነው። በሁለቱ መካከል ሦስት ነገሮች አሉ። የመሣሪያው የእርጅና ቅናሽ ከትርፍ ላይ ይቀነስ እንጂ ለማንም የተከፈለ ገንዘብ ስላልሆነ ይመለሳል፤ አዲስ መሣሪያ የተገዛበት ገንዘብ ግን ከትርፍ ላይ ሳይታይ ከባንክ ወጥቷልና ይቀነሳል። ሦስተኛው፣ በሱፍ ሥራ ዘንድ ከሁሉ የሚከብደው፣ የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ጭማሪ ነው።

በመሐል ሜዳው መጋዘን ገብቶ ያየ ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ይረዳዋል። ጠጉሩ በጉ በሚሸለትበት ወራት ከየገበሬው በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ጥቁሩ ከነጩ፣ ለስላሳው ከሻካራው ተለይቶ፣ ታጥቦ፣ ተነድፎና ተፈትሎ እስኪሸመን ድረስ ወራት ይቈያል፤ የተሸመነው ባና ደግሞ የደጋው ውርጭ እስኪበረታ ገዢ ይጠብቃል፤ የአዲስ አበባው ነጋዴም ዕቃውን ወስዶ ዋጋውን ከቀናት በኋላ ይልካል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ በጆንያ ታስሮ ተቀምጧል። ድርጅቱ ሽያጩን ባሳደገ ቁጥር የታሰረው ገንዘብም ያድጋል፤ የጠጉሩ ዋጋ ሲወደድ ደግሞ የጆንያው ቁጥር ባይጨምር እንኳ የታሰረው ብር ይጨምራል። ይህን ጭማሪ የሚያገኙት የዕቃ ክምችትንና ከደንበኞች የሚሰበሰበውን ደምረው፣ ለአቅራቢዎች ያልተከፈለውን ቀንሰው፣ የዘንድሮውን ከአምናው ጋር በማስተያየት ነው። በባንክ ያለው ጥሬ ገንዘብና የባንክ ብድር በዚህ ውስጥ አይገቡም።

የወደ ፊቱ ግምት እንደ ልማድ አምስት ዓመት ይደረጋል፤ ደንቡ ግን የድርጅቱ እድገት እስኪረጋጋ ድረስ መገመት ነው እንጂ አምስት የሚለው ቁጥር የተቀደሰ አይደለም። እኛ ዓይን እንዳይበዛበት በሦስት ዓመት እንወስናለን። ቁጥሩ ሁሉ በሚሊዮን ብር ነው።

| | 1ኛ ዓመት | 2ኛ ዓመት | 3ኛ ዓመት |
|---|---|---|---|
| የሥራ ትርፍ | 14.0 | 16.0 | 18.0 |
| ከግብር በኋላ | 9.8 | 11.2 | 12.6 |
| የእርጅና ቅናሽ ሲመለስ | 2.0 | 2.4 | 2.8 |
| ለቋሚ ንብረት የሚወጣ | 5.0 | 5.2 | 5.0 |
| የሥራ ማስኬጃ ጭማሪ | 2.0 | 2.0 | 1.8 |
| ነፃ የገንዘብ ፍሰት | 4.8 | 6.4 | 8.6 |

በአንደኛው ዓመት 9.8 ሚሊዮን ያተረፈ ድርጅት በነፃ የሚተርፈው 4.8 ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ ያለው መንገድ ተዘግቶ ሽያጭ የሚቋረጥበት ወር ይኖራል ብለው የሚሰጉ እንደ ሆነም ስጋትዎን በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ሽያጩን ቀንሰው ያስገቡት፤ እንዲያው በደፈናው ተመኑን ማናር ስጋቱ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አይገልጥምና።

3ኛ ደረጃ፦ ገንዘቡን ወደ ዛሬ የሚመልሰውን ተመን መወሰን

ተመኑ የሁለት ዋጋዎች ሚዛናዊ አማካይ ነው። የብድሩ ዋጋ 20 ከመቶ ሲሆን ወለዱ ከግብር በፊት የሚቀነስ ስለ ሆነ 30 ከመቶው በግብር ቅናሽ ይመለሳል፤ ስለዚህ በእውነት የሚያስከፍለው 14 ከመቶ ነው። የባለአክሲዮኑ ገንዘብ ዋጋ ግን በውል ላይ ስላልተጻፈ መገመት ይኖርበታል። መነሻው መንግሥት በግምጃ ቤት ሰነድ የሚከፍለው ወለድ ነው፤ በዚያ ላይ ለአነስተኛ ድርጅትና ለሥራው ስጋት ጭማሪ ይደረጋል። ግምቱ ከልክ በታች እንዳይወርድ የሚጠብቅ ወሰንም አለ፤ ባንኩ መያዣ ይዞ፣ አስቀድሞም እየተከፈለው 20 ከመቶ ከጠየቀ፣ ያለ መያዣ ከሁሉ በኋላ የሚደርሰው ባለአክሲዮን ከ20 በታች ይበቃዋል ማለት አይቻልም። እኛ 26 ከመቶ ብለናል።

ከድርጅቱ ጠቅላላ ዋጋ ሩቡ ዕዳ፣ ሦስት አራተኛው የባለቤቶች ነው ብንል፣ 26 በ75 ከመቶ 19.5፣ 14 በ25 ከመቶ 3.5፣ ድምሩ 23 ከመቶ ይሆናል። ሩብ ያልነው በሂሳብ መዝገብ ላይ ባለው ካፒታል መጠን ሳይሆን በምንገምተው የዛሬ ዋጋ ስለ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ተመልሰን እውነት መሆኑን እናያለን።

ይህ 23 ከመቶ የወቅቱ ብር ተመን ነው፤ ማለትም የዋጋ ንረት በውስጡ አለበት። ስለዚህ የሚገመተውም የገንዘብ ፍሰት፣ የእድገቱም ተመን የዋጋ ንረትን ያካተቱ መሆን አለባቸው። በባሕር ማዶ የሚኖር አንባቢ በዶላር የተነገረ የ12 ከመቶ ተመን ይዞ የብር ገቢን ወደ ዛሬ ቢመልስበት የሚደርሰውን በሚቀጥለው ደረጃ ያየዋል።

4ኛ ደረጃ፦ የፍጻሜውን ዋጋ ማግኘት

ድርጅቱ በሦስተኛው ዓመት አይዘጋም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ገንዘብ ሁሉ ዓመት በዓመት መዘርዘር ስለማይቻል፣ ከአራተኛው ዓመት ጀምሮ ፍሰቱ በማይለዋወጥ ተመን ለዘለዓለም ያድጋል ተብሎ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ እሱም የአራተኛው ዓመት ነፃ የገንዘብ ፍሰት፣ ከተመኑ ላይ የእድገቱ ተመን ተቀንሶ በሚቀረው ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከድርጅቱ ዋጋ ሁለት ሦስተኛና ከዚያም የሚበልጠው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ አንድ ቁጥር ስለ ሆነ፣ የዋጋ ጠሪዎች ማጋነን የሚሸሸግበትም ቦታ ይኸው ነው።

አስቀድሞ እድገቱን ይወስኑ። ለዘለዓለም የሚለው ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ከአገሩ ኢኮኖሚ እጅግ ፈጥኖ ለዘለዓለም የሚያድግ ድርጅት ኋላ ኢኮኖሚውን ራሱን መዋጥ ይኖርበታል፤ ይህም የማይሆን ነው። ያለፉት ዓመታት እድገት 18 ወይም 20 ከመቶ ቢሆን እንኳ ከዚያ ውስጥ የሚበዛው የብርድ ልብሱ መወደድ እንጂ መብዛት አይደለም፤ የብሔራዊ ባንክ ግብም የዋጋ ንረትን ወደ አንድ አኃዝ ማውረድ ነው። እኛ ለረዥሙ ዘመን 8 ከመቶ የዋጋ ንረትና 2 ከመቶ እውነተኛ እድገት ይዘን 10 ከመቶ ብለናል። ከ23 ላይ 10 ሲቀነስ አካፋያችን 13 ከመቶ ሆነ።

ቀጥሎ የአራተኛው ዓመት ፍሰት ነው፤ ዋናው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ችኩል ሰው የሦስተኛውን ዓመት 8.6 በ10 ከመቶ አሳድጎ 9.46 ይልና በ0.13 አካፍሎ 72.8 ሚሊዮን ያገኛል። ይህን ማድረግ ግን በሦስተኛው ዓመት ለመሣሪያና ለጠጉር የዋለው ገንዘብ የ10 ከመቶ እድገትን ለዘለዓለም ለመሸከም ይበቃ እንደ ሆነ ሳይጠይቁ መቀበል ነው። እድገት ያለ ካፒታል አይገኝምና፣ ከትርፉ ምን ያህሉ ተመልሶ መዋል እንዳለበት ራሱን አስልቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የእድገቱ ተመን አዲስ የሚውለው ካፒታል ለሚያፈራው ፍሬ ሲካፈል ነው። አዲስ የሚውለው እያንዳንዱ 100 ብር ከግብር በኋላ 25 ብር በዓመት ያፈራል ብንል፣ በ10 ከመቶ ለማደግ ከትርፉ 10 ሲካፈል ለ25፣ ማለት 40 ከመቶው፣ ወደ ሥራው መመለስ አለበት። የአራተኛው ዓመት ትርፍ 12.6 በ10 ከመቶ አድጎ 13.86 ነው፤ 40 ከመቶው ሲነሣ 8.316 ይቀራል፤ በ0.13 ሲካፈል የፍጻሜው ዋጋ 64 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል።

አሁን የሻጮቹ 2,000 ብር ከየት እንደ መጣ ይገለጣል። እነርሱ በፍጻሜው ዘመን «ለመሣሪያ የሚወጣው ከእርጅናው ቅናሽ ጋር ይስተካከላል፤ የሥራ ማስኬጃም አይጨምርም» ብለው 13.86ቱን ሙሉውን ነፃ ገንዘብ አድርገው በ0.13 አካፍለዋል፤ 106.6 ሚሊዮንም አግኝተዋል። የፍጻሜው ዋጋ በዚህ ቢተካ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,985 ብር ይወጣል፤ እሱን አስተካክለው 2,000 ብለው ጠሩ። ስሌታቸው በሂሳብ ረገድ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን አንድ መሣሪያ ሳይጨምር፣ አንድ ጆንያ ጠጉርም ሳያክል ለዘለዓለም በ10 ከመቶ የሚያድግ ድርጅት ነው የሸጡልን።

መልሶ የሚውለውን ገንዘብ ከእድገቱ ጋር ማሰር ሌላም ጥቅም አለው። በእኛ አካሄድ እድገቱን 8 ቢያደርጉት የፍጻሜው ዋጋ 61.7፣ 12 ቢያደርጉት 66.7 ሚሊዮን ነው፤ በችኩሉ ሰው አካሄድ ግን ከ61.9 ተነሥቶ እስከ 87.6 ይዘላል። ስለ እድገቱ ተመን የሚደረገው ረዥም ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስሌቱ እድገትን በነፃ ስለሚሰጥ ነው። እድገቱ ዋጋውን ካስከፈለ ግን ክርክሩ ወደ ሚገባው ቦታ፣ ማለትም ወደ ካፒታሉ ፍሬ፣ ይሄዳል። ፍሬው ከ23 ከመቶው ተመን ጋር እኩል ቢሆን እድገት አንዳች ዋጋ አይጨምርም፤ የፍጻሜው ዋጋ 13.86 ለ0.23 ተካፍሎ 60.3 ሚሊዮን ይሆናል፣ እድገቱ ስንትም ቢሆን ከአራተኛው ዓመት ትርፍ በቀር የሚለውጠው የለም። ፍሬው ወደ 18 ከመቶ ቢወርድ ግን 47.4 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ድርጅት ባደገ ቁጥር ይደኸያል።

እንግዲህ 25 ከመቶ ያልነው ከየት ተገኘ? የቋሚ ንብረቱ መዝገብ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ከግብር በኋላ የነበረው 8.4 ሚሊዮን ትርፍ በመዝገቡ ላይ ለተጻፈው የ21 ሚሊዮን ብር ካፒታል ሲካፈል ፍሬው 40 ከመቶ ነው፤ ይህ እጅግ ያማረ ቁጥር ስለ ሆነ ሻጮች ደጋግመው ይጠቅሱታል። ነገር ግን ማፍተያውና መሸመኛው የተገዙት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ አንዱ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ያንኑ መሣሪያ ዛሬ መተካት የሚያስወጣውን ዋጋ ከአስመጪ ጠይቀው ካፒታሉን ቢያስተካክሉት 35 ሚሊዮን ይሆናል እንበል፤ ፍሬውም ወደ 24 ከመቶ ይወርዳል። ወደ ፊት የሚውለው ካፒታል የሚገዛው በአዲሱ ዋጋ ነውና የሚታመነው ይህ ነው፤ 25 ያልነውም ይህንኑ አጠጋግተን ነው። የእርጅና ቅናሹም በአሮጌው ዋጋ የተሰላ ስለ ሆነ፣ ለመሣሪያ የሚወጣውን ከእርጅናው ቅናሽ ጋር ማስተካከል በዋጋ ንረት ዘመን መሣሪያውን እንኳ አይተካም።

የዶላሩንም ተመን ነገር እዚህ ላይ እንጨርስ። 23 በተባለበት ቦታ 12 ገብቶ፣ እድገቱ ግን የብሩ 10 ሆኖ ቢቀር፣ አካፋዩ 2 ከመቶ ብቻ ይሆናል፤ የችኩሉ ሰው 9.46ም በ0.02 ሲካፈል 473 ሚሊዮን ይወጣል። አካፋዩ ከጥቂት ነጥቦች ሲያንስ ካዩ ተመኑና እድገቱ በአንድ ገንዘብ መነገራቸውን ወዲያው ይመርምሩ።

5ኛ ደረጃ፦ ሁሉን ወደ ዛሬ መመለስ

በኤክሴል ሰሌዳ ላይ B1 ተመኑን፣ B2 እድገቱን፣ B3 የአዲሱን ካፒታል ፍሬ፣ B4 የሦስተኛውን ዓመት ከግብር በኋላ ያለ ትርፍ፣ ከB5 እስከ B7 የሦስቱን ዓመታት ፍሰት ይጻፉ። ከዚያ፦

```
B8: =B4*(1+B2)*(1-B2/B3)/(B1-B2)
B9: =NPV(B1,B5:B7)+B8/(1+B1)^3
```

B8 64.0፣ B9 47.1 ይሰጥዎታል። የሦስቱ ዓመታት ፍሰት 12.75፣ የፍጻሜው ዋጋ 34.4 ሚሊዮን የዛሬ ብር ነው። በዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፤ የፍጻሜው ዋጋ የተገኘው ከአራተኛው ዓመት ፍሰት ስለ ሆነ ብዙ ሰው በአራት ዓመት ወደ ዛሬ ይመልሰዋል። ቀመሩ ግን ዋጋውን የሚሰጠው ከፍሰቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ስለ ሆነ የሚመለሰው በሦስት ዓመት ነው።

6ኛ ደረጃ፦ ከድርጅቱ ዋጋ ወደ አንዱ አክሲዮን መውረድ

ከ47.1 ሚሊዮኑ ላይ የባንኩ ዕዳ 12 ሚሊዮን ይቀነሳል፤ ለሥራው የማያስፈልግ ትርፍ ጥሬ ገንዘብ 1.5 ሚሊዮን ይጨመራል፤ የቀረው 36.6 ሚሊዮን ለ30,000 ሲካፈል አንዱ አክሲዮን 1,221 ብር ያወጣል። ዕዳው 12፣ የባለቤቶቹ 36.6 ስለ ሆነ የዕዳው ድርሻ ሩብ ገደማ ነው፤ በሦስተኛው ደረጃ የያዝነው ሚዛን ትክክል ነበር ማለት ነው። ርቆ ቢገኝ ሚዛኑን ለውጠው ተመኑን እንደገና ያሰሉት።

በዕዳ ስም የሚመዘገበው የባንክ ብድር ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ያልተከፈለ የመሬት ሊዝ፣ ወለድ ያዘለ ውዝፍ ግብርና መሥራቹ «ለድርጅቱ አበድሬያለሁ» የሚለው ገንዘብ ሁሉ ከባለአክሲዮኑ ፊት ይቆማሉ። የካፒታሉ ፍሬ 18 ከመቶ ብቻ ቢሆን ደግሞ አክሲዮኑ 924 ብር፣ ማለት በወረቀቱ ላይ ከተጻፈውም ዋጋ በታች ነው። ለድርድር ሲቀመጡ ከ924 እስከ 1,221 ያለውን ይያዙ፤ የሚሸጥልዎት ጥቂት እጅ ከሆነና አክሲዮኑ በገበያ የማይመዘገብ ከሆነ ደግሞ በፈለጉ ጊዜ መሸጥ ስለማይችሉ ከዚያም ዝቅ ብሎ መጀመር ይገባል።

ይህ ዋጋ ሰኔ 30 ላይ የቆመ ነው። ውሉን የሚፈርሙት ታኅሣሥ 30 ከሆነ ግማሽ ዓመት ስላለፈ 1,221ን በባለአክሲዮኑ የ26 ከመቶ ተመን በግማሽ ዓመት ልክ ያሳድጉታል፤ 1,371 ብር ይሆናል። በመካከሉ ለነባሮቹ ባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ተከፍሎ ከሆነ ግን በአንዱ አክሲዮን የደረሰው መጠን ከዚህ ላይ ይቀነሳል።